አንድ ተቀማጭ፣ አራት ቀጠሮ፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭን በመሰላል የማስቀመጥ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በገንዘቡ ባለቤት ፈቃድ ነው። ስማቸውንም የባንኩንም ስም ትቻለሁ። የገንዘቡ ዓይነትም ለሒሳቡ ምንም ስለማይጨምር ቁጥሩን ብቻ ነው የማስቀምጠው። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ እናት ናቸው። እኔ ለብዙ ዓመት የሒሳብ መዝገብ ስይዝ ኖሬያለሁ፤ ወደ እኔ የመጡት የመጀመሪያው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነበር።

መነሻው

ከቤት ሽያጭ 600 ሺህ ደረሳቸው። የወንድማቸው ልጅ "ዝም ብሎ ከሚቀመጥ" ብሎ ወደ ባንክ ወሰዳቸው፤ ገንዘቡ በሙሉ በአንድ ውል ለ12 ወር ተቀመጠ። የወለድ ምጣኔው 8 በመቶ ነበር። በመደበኛው የቁጠባ ሒሳብ ቢተውት 3 በመቶ ብቻ ስለሚያገኝ ምክሩ ክፉ አልነበረም። በዓመቱ 48 ሺህ ወለድ ይጠብቁ ነበር።

በሰባተኛው ወር ለሕክምና 70 ሺህ አስፈለጋቸው። ባንክ ሄደው ሲጠይቁ ከተቀማጩ ላይ ቆንጥሮ ማውጣት እንደማይቻል ተነገራቸው። ወይ ሙሉ ውሉ ይፈርሳል፣ ወይ ይጠበቃል። ሕመም ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አፈረሱት።

ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈችው አንቀጽ ያኔ ሥራዋን ሠራች። ተቀማጩ ያለጊዜው ከፈረሰ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቁጠባ ምጣኔ እንደገና ይሰላል ትላለች። በ8 በመቶ የሰባት ወሩ ወለድ 28 ሺህ ይሆን ነበር። በ3 በመቶ ሲሰላ 10,500 ሆነ። 17,500 እንደዋዛ ቀረ። 70 ሺህ ለማውጣት የከፈሉት ዋጋ የ70 ሺው ሩብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ብዙ ባንክ የጊዜ ገደብ ተቀማጭን በመያዣነት ይዞ ያበድራል። ለቀሩት አምስት ወራት 70 ሺውን በ12 በመቶ ቢበደሩ እንኳ የብድሩ ወለድ 3,500 ብቻ ነበር፤ የ48 ሺው ወለድም ሳይነካ ይቆይላቸው ነበር። እሳቸው ይህን አልጠየቁም፣ የነገራቸውም የለም። ውል ከማፍረስ በፊት የሚጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ችግሩ የት ነበር

ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው "የተሻለ የሚከፍል ባንክ የቱ ነው?" የሚል ነበር። ምጣኔው ግን ደህና ነበር። የጎዳቸው ገንዘቡ ሁሉ አንድ ቀጠሮ ብቻ ስለነበረው ነው። በዓመት ውስጥ በሩ የሚከፈተው በአንድ ቀን ነው፤ ችግር ደግሞ በቀሩት 364 ቀናት ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛም አደጋ አለ፤ እሳቸው ገና አላዩትም ነበር። ውሉ የሚያልቅበት ቀን ምጣኔው የወረደበት ሰሞን ከሆነ፣ ገንዘቡ በሙሉ በዚያ ዝቅተኛ ምጣኔ ለሌላ ዓመት ይታሰራል። ሁሉም ዕጣ በአንድ ቀን ላይ ተንጠልጥሏል።

መሰላሉ እንዴት ተሠራ

ሕክምናው ተከፍሎ እጃቸው ላይ የቀረው 540,500 ነበር። መጀመሪያ 60,500ውን ለይተን በቁጠባ ሒሳብ አስቀመጥን። ይህ ለድንገተኛ ነገር ነው፤ መሰላሉ ውስጥ አይገባም። የቀረውን 480 ሺህ በአንድ ቀን በአራት ውል ከፈልነው።

60 ሺህ ለ3 ወር በ5 በመቶ፣ 120 ሺህ ለ6 ወር በ6 በመቶ፣ 120 ሺህ ለ9 ወር በ6.5 በመቶ፣ 180 ሺህ ለ12 ወር በ8 በመቶ።

እነዚህን አራቱን እርከን እንበላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ እርከን ጊዜው ሲሞላ ለ12 ወር ይታደሳል። በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው፣ በስድስተኛው ሁለተኛው፣ በዘጠነኛው ሦስተኛው። አንድ ዓመት ሲሞላ አራቱም እርከኖች የ12 ወር ውል ይሆናሉ፤ ግን በየሦስት ወሩ አንዱ ይደርሳል። አጭሩን ውል የሚቀበሉት ለመነሻው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የረጅሙን ውል ምጣኔ ያገኛል፣ በሩ ግን በዓመት አራት ጊዜ ይከፈታል።

እርከኖቹ እኩል ያልሆኑት በእሳቸው ምርጫ ነው። ባለ 8 በመቶው ላይ ብዙ ማስቀመጥ ፈለጉ፤ በባለ 3 ወሩ 5 በመቶ ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ "አላባክንም" አሉ። እኩል ቢሆኑ እመርጥ ነበር። የሰው ገንዘብ ነው፣ አልተከራከርኩም። ምርጫው በኋላ መልሶ እንደመጣ ታያላችሁ።

ወለዱ ከዋናው ጋር እንዳይደመር ተስማማን። በየጊዜው ወደ ቁጠባ ሒሳባቸው ይገባል፣ ይኖሩበታል። ይህ ሒሳቡንም ያቀልልናል፤ የየእርከኑ ዋና ገንዘብ አይለወጥም።

"ስንት በመቶ ነው የማገኘው?"

ውሎቹ በተፈረሙ ማግስት የወንድማቸው ልጅ ስልኩን አውጥቶ አራቱን ምጣኔዎች ደመረና ለአራት አካፈለ። 6.375 በመቶ ወጣለት። "ከ8 ወደ 6.4 ወረዱ እኮ!" አላቸው። እሳቸውም ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ምን አደረግኸኝ?"

ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። 5 በመቶ የሚከፈለው 60 ሺህ ላይ ነው፣ 8 በመቶው ግን 180 ሺህ ላይ። ሁለቱን እኩል መቁጠር አይሆንም። እያንዳንዱ ምጣኔ በያዘው ገንዘብ መመዘን አለበት። የአራቱን እርከን የዓመት ወለድ ብናሰላ 3,000፣ 7,200፣ 7,800 እና 14,400 ነው፤ ድምሩ 32,400። ይህን ለ480 ሺህ ስናካፍል 6.75 በመቶ ይሆናል።

ግን 6.75ም የዓመቱ መልስ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ነው። ባለ 3 ወሩ እርከን ዓመቱን ሙሉ በ5 በመቶ አይቀመጥም፤ ከሦስት ወር በኋላ ወደ 12 ወር ውል ይዛወራል። ስለዚህ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ጊዜ። የዓመቱ ትክክለኛ ጥቅል ምጣኔ የሚገኘው እያንዳንዱ ገንዘብ በእያንዳንዱ ምጣኔ ስንት ወር እንደቆየ ሲታወቅ ነው። ያ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ የሚታደስበትን ቀን ምጣኔ ማንም ቀድሞ አያውቀውምና።

ለሴትዮዋ በስልክ ያልኳቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ "ዛሬ 6.75 ነው። በየሦስት ወሩ ይጨምራል። ዓመቱ ሲሞላ ቁጭ ብለን እናሰላዋለን።"

በስድስተኛው ወር የሆነው

የመጀመሪያው እርከን በሦስተኛው ወር ሲደርስ አብረን ሄድን። ለ12 ወር በ8 በመቶ ታደሰ። መልካም።

በስድስተኛው ወር የሁለተኛው እርከን ቀን ደረሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እሳቸውም ለቅሶ ሄደው ነበር። ከአስር ቀን በኋላ ባንክ ሲሄዱ ውሉ ቀድሞ ታድሷል። በራሱ። ለዚያው ለ6 ወር፣ በዕለቱ የባለ 6 ወር ምጣኔ፣ 5.5 በመቶ። በዚያ ቀን የባለ 12 ወሩ ምጣኔ 7.5 ነበር።

ጥፋቱ የኛ ነው። ስንፈርም ቅጹ ላይ "ጊዜው ሲሞላ ምን ይደረግ?" የሚል ቦታ ነበረው። ባዶ ትተነዋል። ባዶ ከተተወ ባንኩ ዋናውን ለተመሳሳይ ጊዜ ያድሳል፤ ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ እሱም አልፏል። ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ውሉ ገና አስር ቀኑ ስለነበር የሚጠፋው ወለድም ጥቂት ነበር፣ ያኔ ግን አላሰላነውም። ተውነው።

ኪሳራው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው በግልጽ የሚታየው ነው። 120 ሺህ ለስድስት ወር በ7.5 በመቶ 4,500 ያገኝ ነበር፤ በ5.5 ግን 3,300 አገኘ። 1,200 ሄደ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ሁለተኛው እርከን አሁን የሚደርሰው በ12ኛው ወር ነው፤ ከአራተኛው እርከን ጋር በአንድ ቀን። ከ480 ሺው 300 ሺህ እንደገና በአንድ ቀጠሮ ላይ ወደቀ። የሸሸነው ነገር በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

መሰላል የሚሰበረው እንዲህ ነው። እርከኖቹን የሚያራርቃቸው የማብቂያ ቀናቸው ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ሲያመልጥ ሁለቱ እላያቸው ላይ ይወድቃሉ። የባንክ ደብተር ላይ አይታይም። የሚታየው የማብቂያ ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ስትጽፉ ነው፤ ተመሳሳይ ወር ሁለቴ ካያችሁ አንድ እርከን ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጥን። ሁሉም ውል ላይ "ዋናው ለ12 ወር ይታደስ፣ ወለዱ ወደ ቁጠባ ሒሳብ ይግባ" ተብሎ በጽሑፍ ተሞላ። የማብቂያው ቀንም ሳምንት ሲቀረው ግድግዳቸው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ ተከበበ። የስልክ ማስታወሻ አቅርቤ ነበር፣ "ስልኩ ሲጮህ አጠፋዋለሁ" አሉኝ።

የአንደኛው ዓመት ሒሳብ

ሦስተኛው እርከን በዘጠነኛው ወር በ7 በመቶ ለ12 ወር ታደሰ። ምጣኔው በየጊዜው እየወረደ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ሠንጠረዥ ከፈትን። እያንዳንዱ መስመር አንድ ገንዘብ በአንድ ምጣኔ የቆየበትን ጊዜ ይይዛል። አራት እርከን ቢሆንም ሦስቱ በመሃል ስለታደሱ ሰባት መስመር ወጣ።

60 ሺህ በ5 በመቶ 3 ወር፣ ከዚያ በ8 በመቶ 9 ወር፦ 750 እና 3,600።
120 ሺህ በ6 በመቶ 6 ወር፣ ከዚያ በ5.5 በመቶ 6 ወር፦ 3,600 እና 3,300።
120 ሺህ በ6.5 በመቶ 9 ወር፣ ከዚያ በ7 በመቶ 3 ወር፦ 5,850 እና 2,100።
180 ሺህ በ8 በመቶ 12 ወር፦ 14,400።

ድምሩ 33,600 ነው። ለ480 ሺህ ሲካፈል ልክ 7 በመቶ። ያ የስድስተኛ ወር ስህተት ባይኖር 34,800፣ ማለትም 7.25 በመቶ ይሆን ነበር።

ሠንጠረዥ ላይ ገንዘቡን በ A፣ ምጣኔውን በ B፣ ወሩን በ C ዓምድ ካስገባችሁ ይህች ቀመር ትበቃለች፦

```
=SUMPRODUCT(A2:A8,B2:B8,C2:C8)/SUMPRODUCT(A2:A8,C2:C8)
```

አንድ ጥንቃቄ አለ። 33,600 ማለት በዓመቱ ውስጥ የተገኘ ወለድ ነው እንጂ እጃቸው የገባ አይደለም። የታደሱት ውሎች ወለድ የሚከፈለው ገና ጊዜያቸው ሲሞላ ነው። በዚያ ዓመት ቁጠባ ሒሳባቸው ውስጥ የገባው 27,900 ብቻ ነበር። ቀሪው 5,700 ተጠራቅሞ እየጠበቀ ነው። ወለዱን ለኑሮ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ካምታታ ወር መጨረሻ ላይ ይቸገራል።

ታዲያ መሰላሉ አዋጣ? ያው 480 ሺህ በአንድ ውል በ8 በመቶ ቢቀመጥ 38,400 ያገኝ ነበር። በትክክል የተያዘ መሰላል 34,800። ልዩነቱ 3,600 ነው። ይህ የመነሻው ዓመት ዋጋ ነው፤ አጭሮቹን ውሎች ስለተቀበልን የከፈልነው። መሰላል በነፃ ነው የሚላችሁ ሰው ይህን አላሰላም። ከ17,500ው ጋር ስታነጻጽሩት ግን ርካሽ ነው።

ሁለተኛው ዓመት፦ ገንዘብ ከመሃል ሲወጣ

በ12ኛው ወር ሁለት እርከኖች አብረው ደረሱ። የባለ 12 ወሩ ምጣኔ 6.5፣ የባለ 6 ወሩ 5 በመቶ ነበር። 180 ሺው ለ12 ወር ገባ። 120 ሺው ግን ወደ ቦታው እንዲመለስ ሆን ብለን ለ6 ወር አስገባነው። ለስድስት ወሩ 900 ያህል አሳጣን። መሰላሉን መልሶ ለማቆም የተከፈለ ነው፤ ቅር አላለኝም።

በ14ኛው ወር የቤታቸው ጣሪያ ይፈርስ ጀመር። የሠሪው ዋጋ 110 ሺህ። ግማሹ ያህል አሁን፣ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ። 50 ሺውን ከቁጠባ ሒሳባቸው ከፈሉ። በ15ኛው ወር የመጀመሪያው እርከን ደረሰ፤ 60 ሺው ከነወለዱ ወጣ፣ ሠሪው ተከፈለ። አንድም ውል አልፈረሰም።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ውል ብቻ ቢኖራቸውና በ12ኛው ወር ቢያድሱት ኖሮ በ14ኛው ወር ማፍረሱ ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ሁለት ወር ብቻ ስለቆየ የሚያጡት 2,800 ነው። ያው ጣሪያ በ23ኛው ወር ቢፈርስ ግን 15,400 ያጡ ነበር። የማፍረስ ዋጋ ውሉ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ ስለዚህ ውል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የመጣ ችግር ካለ መበደር ወይም መለመን ከማፍረስ ይሻላል።

የዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ላይ የወንድማቸው ልጅ እንደገና ተሳሳተ። የዓመቱ ወለድ 28,050 ነበር። እሱ ለ480 ሺህ አካፍሎ 5.84 በመቶ አለ። ከዚያ "60 ሺው ወጥቷል እኮ" ሲባል ለ420 ሺህ አካፍሎ 6.68 አለ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። 60 ሺው ሦስት ወር ቆይቷል፤ ዓመቱን ሙሉ አልነበረም፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ አልጠፋም። በዓመት ሲመዘን እንደ 15 ሺህ ይቆጠራል። ከሌሎቹ 420 ሺህ ጋር 435 ሺህ። 28,050 ለ435 ሺህ ሲካፈል 6.45 በመቶ ነው። ከላይ ያለችው ቀመር ይህን በራሷ ትሠራለች፤ ለወጣው ገንዘብ የወር ዓምድ ላይ 3 መጻፍ ነው።

ምጣኔው ሲወርድ የመሰላሉ ሌላ ጥቅም እዚህ ታየ። የባለ 12 ወሩ ውል ከ6.5 በላይ አልከፈለም፤ በዚያ ላይ 120 ሺው ለስድስት ወር በ5 በመቶ ተቀምጦ ነበር። ሆኖም ቀደም ብለው በ8 እና በ7 የታሰሩት እርከኖች ጥቅሉን ወደ 6.45 ደግፈው ያዙት። ምጣኔው ቢወጣ ኖሮ ተቃራኒው ይሆናል፤ የቆዩት እርከኖች ወደ ኋላ ይጎትቱታል።

ሌላ ሰው ቢሠራው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ጥቂት ነገር አለ። እርከኖቹን እኩል ማድረግ ይሻላል። በ15ኛው ወር ያዳነን ትንሹ እርከን ነው፤ በአጋጣሚ ልኩ ሆነ። ጣሪያው 150 ሺህ ቢጠይቅ አይበቃም ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት የባንኩን ሙሉ የምጣኔ ሠንጠረዥ ጠይቁ። የ3 ወሩና የ12 ወሩ ምጣኔ ተቀራራቢ ከሆነ የመነሻው ዓመት ዋጋ ከምንም አይቆጠርም። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ሁለት እርከን፣ በስድስት በስድስት ወር፣ ሊበቃ ይችላል። ብዙ ባንክ ለአንድ ውል ዝቅተኛ የገንዘብ ልክ ስለሚያወጣና ከፍ ላለ ገንዘብ የተሻለ ስለሚከፍል፣ ገንዘቡን ስትከፋፍሉ ከዚያ ልክ በታች እንዳትወድቁ አስቀድማችሁ እዩ።

በወለድ ላይ ግብር የሚቆረጥ ከሆነ ሠንጠረዡን ከግብር በኋላ ባለው ምጣኔ ሥሩት። ግብሩ ለሁሉም እርከን አንድ ዓይነት ከሆነ የእርከኖቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የምትኖሩበት ቁጥር ግን ይለወጣል። ወለዱን ከዋናው ጋር የምታድሱ ከሆነ ደግሞ በየእድሳቱ A ዓምድ ላይ አዲሱን ገንዘብ መጻፍ አትርሱ።

በ24ኛው ወር ትልቁ እርከን ሲደርስ ብቻቸውን ነው ባንክ የሄዱት። የጎደለውን የመጀመሪያ እርከን ለመሙላት 180 ሺውን ለሁለት ከፈሉት፤ 120 ሺህ ለ12 ወር፣ 60 ሺህ ለ3 ወር። የባንኩ ሠራተኛ "ለምን በዝቅተኛው ምጣኔ?" ብሎ ጠየቃቸው። ከቦርሳቸው የቀኖቹን ወረቀት አውጥተው ባዶዋን መስመር አሳዩት።